በፎቶ የተያዘ የክፍል መርሐ ግብርን ወደ ስልክ ካላንደር ማስገባት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ባለችው የጽሕፈትና የኮፒ ቤቴ ደንበኞች ስልካቸውን ዘርግተው ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከነመልሱ እነሆ።

ሰሌዳውን ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሳነሳ ምን ልጠንቀቅ?

ከወረቀቱ ፊት ለፊት ይቁሙ፤ ስልኩን ከወረቀቱ ጋር ትይዩ ያድርጉ፤ አራቱም ጠርዞች መታየታቸውን አይተው ያንሱ። ብዙ ሰው የራሱን ክፍል ብቻ አጉልቶ ያነሳና ከላይ ያለው የቀናት መስመር ወይም ከጎን ያለው የሰዓት ዓምድ ተቆርጦ ይቀርበታል፤ እንዲህ ያለ ፎቶ የትምህርቶች ስም ዝርዝር እንጂ መርሐ ግብር አይደለም። ሰሌዳው በመስታወት የተሸፈነ ከሆነ ፍላሹን ያጥፉ፤ ነጸብራቁ የሚያርፍበትን ቦታ እያዩም ግራ ወይም ቀኝ ፈቀቅ ብለው ሁለት ፎቶ ያንሱ፤ አንዱ የሸፈነውን ሌላው ያሳያል።

ፎቶውን በቴሌግራም የሚቀበሉ ከሆነ ላኪው እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንዲልክልዎ ይንገሩት። እንደ ፎቶ ሲላክ መጠኑ ይቀንሳል፤ በሰሌዳ ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚጎዱት ደቃቃዎቹ አኃዞች ናቸው። 3 እና 8፣ 1 እና 7 የሚምታቱት አብዛኛውን ጊዜ በእንዲህ ያለ ፎቶ ላይ ነው።

ጽሑፉን ከፎቶው ላይ ማሽን ሊያወጣልኝ አይችልም?

ይችላል፤ ነገር ግን ጽሑፍ ማውጣትና ሰንጠረዥ ማውጣት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኮምፒውተር ላይ ፎቶውን ጉግል ድራይቭ ውስጥ ካስገቡ በኋላ በቀኝ ጠቅ አድርገው Open with ከዚያም Google Docs ቢሉ፣ ከፎቶው ሥር የተነበበው ጽሑፍ ይቀመጥልዎታል። ጉግል ራሱ ፋይሉ ከ2 ሜጋባይት እንዳይበልጥና የፊደሉ ቁመት ቢያንስ 10 ፒክስል እንዲሆን ይመክራል። የዛሬ ስልክ የሚያነሳው ፎቶ ከዚህ መጠን ስለሚያልፍ፣ ጠቅላላውን ከማሳነስ ይልቅ የግድግዳውን ክፍል ቆርጦ ሰንጠረዡን ብቻ ማስቀረት ይሻላል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማሽኑ መስመሩን ከግራ ወደ ቀኝ ያነብባል እንጂ የትኛው ቃል በየትኛው ቀን ሥር እንዳለ አይይዝም። ባዶ ሣጥን ሲያገኝ ምንም ሳይጽፍ ያልፈዋል፤ ስለዚህ ማክሰኞ በዚያ ሰዓት ትምህርት ከሌለዎት የረቡዕ ትምህርት ወደ ማክሰኞ ቦታ ይንሸራተታል፤ ከእርሱ በኋላ ያሉትም ሁሉ ይከተሉታል። ሁለት ሰዓት የሚወስድና በሁለት መስመር ላይ የተዘረጋ ሣጥንም አንድ ጊዜ ብቻ ይነበባል። ይህ መድረሱን ለማወቅ በየመስመሩ የወጡትን ስሞች ይቁጠሩ፤ ቁጥራቸው ከቀናቱ ቁጥር ካነሰ፣ ተቀድቶ ከመለጠፉ በፊት ከፎቶው ጋር በዓይን ማመሳከር ግድ ነው።

እኔ ማሽኑን የምጠቀመው የትምህርቶቹንና የመምህራኑን ስም ለማውጣት ብቻ ነው። ቀኑን፣ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ሰዓት ራሴ እያየሁ በአራት ዓምድ ዝርዝር እጽፋለሁ። የአንድ ተማሪ ሳምንት ከአሥርና ከአሥራ አምስት መስመር ስለማይበልጥ፣ የማሽኑን ስህተት ከማረም በእጅ መጻፉ ይፈጥናል።

ሰሌዳው ላይ ያለው ሰዓት የሀበሻ ነው ወይስ የፈረንጅ? በምን ልለየው?

ምሳውን ይፈልጉ። የምሳ ዕረፍቱ 6 ሰዓት አካባቢ ከሆነ ሰሌዳው በሀገራችን አቆጣጠር ተጽፏል፤ 12 አካባቢ ከሆነ በፈረንጅ ነው። አንዳንድ ሰሌዳ ከሰዓቱ አጠገብ LT የሚል ምልክት ያደርጋል፤ ይህም የሀገር ውስጥ ሰዓት መሆኑን ለማሳወቅ ነው። ሰሌዳው በእንግሊዝኛ መጻፉ ግን ምንም አያረጋግጥም፤ የትምህርቱ ስም በእንግሊዝኛ፣ ሰዓቱ በሀበሻ የሆነ ሰሌዳ በየሳምንቱ አያለሁ።

የምሳ መስመር የሌለው የማታ ወይም የቅዳሜና እሑድ ሰሌዳ ከሆነ መጠርጠር ያስፈልጋል። እንዲህ ባለው ላይ መገመት ሳይሆን የክፍል ተጠሪውን መጠየቅ ነው የሚያዋጣው።

ታዲያ ስልኩ ላይ ስንት ብዬ ልጻፍ?

መጀመሪያ የስልክዎን ሰዓት ወደ 24 ሰዓት አቆጣጠር ይቀይሩት፤ ጠዋትና ከሰዓት በሚለዩት ሁለት ፊደላት ምክንያት የሚመጣው ስህተት በዚያው ይቀራል። ከዚያ በኋላ ሦስት ነገር ብቻ ይያዙ። ከጠዋቱ 1:00 እስከ ምሽቱ 12:59 ድረስ 6 ይደምሩ፤ ከምሽቱ 1:00 እስከ 5:59 ድረስ 18 ይደምሩ፤ ከሌሊቱ 6:00 እስከ ንጋቱ 12:59 ድረስ ደግሞ 6 ይቀንሱ። ጠዋት 2:30 የነበረው 8:30 ይሆናል፤ ከሰዓት 8:00 የነበረው 14:00፤ ማታ 1:30 የነበረው 19:30፤ ንጋት 12:15 የነበረው 6:15።

ጥንቃቄ የሚሻው ከ11:30 እስከ 1:30 የሚል የማታ ክፍል ነው። ትክክለኛው ከ17:30 እስከ 19:30 ነው። ስልኩ በ12 ሰዓት አቆጣጠር ላይ እያለ ሳይለወጥ ቢገባ ግን ከረፋዱ 11:30 እስከ ቀትር በኋላ 1:30 አድርጎ ሊቀበለው ይችላል፤ ልክ ሁለት ሰዓት ስለሚሆንም በዓይን ሲታይ ምንም እንከን የለውም። 2:30 ሳይለወጥ ቢገባ ሌሊት ላይ ስለሚታይ ወዲያው ይጋለጣል፤ ይህኛው ግን አይጋለጥም። እኔም አንዴ ለአንዲት የማታ ተማሪ እንዲሁ አስገብቼላት፣ ስልኳ ሥራ ቦታ ምሳ እየበላች ሳለ «ክፍል» እያለ ሲጮኽባት ዋለ፤ ማታ ግን ዝም አለ። በማግስቱ መጥታ አሳየችኝ፤ ከዚያ ወዲህ የማታ ሰሌዳ ሲመጣልኝ መጀመሪያ ይህን መስመር ነው የምፈልገው።

2፡30 ብዬ ስለጥፈው የማይቀበለኝ ለምንድን ነው?

በአማርኛ ቁልፍ የጻፉት ሁለት ነጥብ የቃላት መለያው ምልክት ስለሆነ ነው። ለዓይን አንድ ቢመስሉም ለኮምፒውተር ፡ እና : ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ካላንደሩ የሚያውቀው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ከፎቶ የወጣ ጽሑፍ ላይም ይኸው ይከሰታል። ዝርዝሩን በሠንጠረዥ ፕሮግራም ከያዙት፣ በፈልግና ተካ ትእዛዝ አንድ ጊዜ ሁሉንም መለወጥ ይበቃል።

የልጄ ሰሌዳ «1ኛ ክፍለ ጊዜ፣ 2ኛ ክፍለ ጊዜ» ብቻ ይላል፤ ሰዓት የለውም። ምን ላድርግ?

ከትምህርት ቤቱ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ስንት ሰዓት ይጀምራል፣ አንዱ ስንት ደቂቃ ነው፣ ዕረፍቱስ ከስንተኛው በኋላ ስንት ደቂቃ ይቆያል። ለምሳሌ በ2:30 የሚጀምር፣ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ የሆነና ከ3ኛው በኋላ 20 ደቂቃ ዕረፍት ያለው ከሆነ፣ 4ኛው ክፍለ ጊዜ የሚጀምረው በ4:30 ሳይሆን በ4:50 ነው፤ ይህም በስልኩ 10:50 ይሆናል። ዕረፍቱን የረሳ ሰው ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ 20 ደቂቃ አስቀድሞ ያስገባል።

እውነቱን ለመናገር ለሕፃን ልጅ እያንዳንዱን ክፍለ ጊዜ ማስገባት ወላጁን በማንቂያ ድምፅ ከማድከም አያልፍም። ወላጅ የሚያስፈልገው መግቢያው፣ መውጫውና ዛሬ የትኛው ደብተር ይያዝ የሚለው ነው። ስለዚህ በቀን አንድ ምዝገባ አድርገው የትምህርቶቹን ስም በማብራሪያው ቦታ ላይ ቢጽፉት ይበቃል።

ሴሚስተሩ 15 ሳምንት ነው፤ 15 ጊዜ ልጻፈው?

አይጻፉት። አንድ ጊዜ ጽፈው ድግግሞሹን ያዝዙት። በጉግል ካላንደር አዲስ ምዝገባ ሲከፍቱ Does not repeat የሚለውን ነክተው Custom ውስጥ ይግቡ፤ በየሳምንቱ መሆኑን፣ የትኞቹ ቀናት እንደሆኑና በምን ቀን እንደሚያበቃ ይምረጡ። የማብቂያ ቀኑን ሳያስገቡ አይውጡ፤ ካልገባ ያለቀው ሴሚስተር ክፍል በሚቀጥለው ዓመትም ማንቂያውን ያሰማል።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርቱ በእርግጥ የሚሰጥበት ቀን መሆን አለበት። ሴሚስተሩ ሰኞ ቢጀምርም ትምህርቱ ረቡዕ ከሆነ፣ መነሻው የዚያው ሳምንት ረቡዕ ነው።

ሴሚስተሩ የሚጀምርበት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የተጻፈው። እንዴት ልለውጠው?

የወሩን መባቻ ከያዙ ቀሪው መቁጠር ብቻ ነው። በ2018 መስከረም 1 የዋለው በሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ነበር፤ ጥቅምት 1 በኦክቶበር 11፣ ኅዳር 1 በኖቬምበር 10፣ ታኅሣሥ 1 በዲሴምበር 10፣ ጥር 1 በጃንዋሪ 9፣ የካቲት 1 በፌብሩዋሪ 8 ቀን ውለዋል። ስለዚህ ጥቅምት 3 ቀን 2018 ማለት ኦክቶበር 13 ቀን 2025 ነው። ጳጉሜን 6 የምትሆንበት ዓመት ሲያልፍ አዲሱ ዓመት በሴፕቴምበር 12 ስለሚገባ፣ እስከ የካቲት 21 ድረስ ሁሉም በአንድ ቀን ይገፋል፤ መጋቢት 1 ግን ሁልጊዜ ማርች 10 ነው።

ሁለት ማረጋገጫዎች አሉ። የሳምንቱ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር አንድ ነው፤ ሰኞ የነበረው ተለውጦ ማክሰኞ ከሆነ አንድ ቀን ተሳስተዋል ማለት ነው። የዓመቱ ልዩነት ደግሞ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7፣ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ 8 ነው፤ በሴሚስተሩ መካከል መለወጡን የሚረሳ ሰው የማብቂያውን ቀን ከመነሻው በፊት ያስገባና ካላንደሩ አንድም ቀን ሳያሳየው ይቀራል። በጳጉሜን 6 ምክንያት የሚመጣው ልዩነት ይህን የዓመት ድንበር በአንድ ቀን ሊያንቀሳቅሰው ይችላል።

ሙሉ ሰሌዳውን በአንድ ፋይል ማስገባት ይቻላል?

ይቻላል፤ ስሙ በ .ics የሚያልቅ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው የሚያስፈልገው። ከላይ ያነሳሁትን የማታ ክፍል እንውሰድ፦ አካውንቲንግ፣ ሰኞና ረቡዕ ከምሽቱ 11:30 እስከ 1:30፣ ከጥቅምት 3 እስከ ጥር 15 ቀን 2018።

```
BEGIN:VCALENDAR
VERSION:2.0
PRODID:-//selida//AM
BEGIN:VEVENT
UID:acct-2018-1@selida
DTSTAMP:20251010T090000Z
DTSTART;TZID=Africa/Addis_Ababa:20251013T173000
DTEND;TZID=Africa/Addis_Ababa:20251013T193000
RRULE:FREQ=WEEKLY;BYDAY=MO,WE;UNTIL=20260123T205959Z
EXDATE;TZID=Africa/Addis_Ababa:20260107T173000
EXDATE;TZID=Africa/Addis_Ababa:20260119T173000
SUMMARY:አካውንቲንግ
LOCATION:ክፍል 204
END:VEVENT
END:VCALENDAR
```

DTSTART እና DTEND የመጀመሪያውን ክፍል መነሻና መድረሻ ይይዛሉ፤ RRULE ድግግሞሹን፣ UNTIL ማብቂያውን ይናገራል። በUNTIL መጨረሻ ያለው Z ሰዓቱ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ ባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ መሆኑን ያሳያል፤ ስለዚህ 20:59:59 የተባለው በእኛ ዘንድ የጥር 15 ቀን እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ሰከንድ ሲቀረው ነው። EXDATE ክፍል የማይኖርባቸውን ቀናት ያስቀራል፤ በዚህ ሴሚስተር ገና ረቡዕ፣ ጥምቀት ደግሞ ሰኞ ስለዋሉ ሁለቱም ወጥተዋል። EXDATE ላይ ቀኑ ብቻ ሳይሆን የክፍሉ መነሻ ሰዓትም ልክ መሆን አለበት፤ 17:30 መሆን የነበረበት 17:00 ተብሎ ቢጻፍ ካላንደሩ ምንም ሳይናገር በዓሉን ትምህርት አድርጎ ያሳይዎታል። ለሌሎቹ ትምህርቶች ከBEGIN:VEVENT እስከ END:VEVENT ያለውን እየደገሙ ይጻፉ፤ UID ግን ለእያንዳንዱ የተለየ ይሁን።

ፋይሉን UTF-8 አድርገው ካላስቀመጡት አማርኛው ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል። ማስገባቱ የሚቻለው በስልኩ መተግበሪያ ሳይሆን በኮምፒውተር ነው፤ ጉግል ካላንደርን ከፍተው በSettings ውስጥ Import & export ይበሉ። ከገባ በኋላ ይቁጠሩት፤ በምሳሌያችን 15 ሰኞና 15 ረቡዕ ነበሩ፣ ሁለቱ በዓላት ሲወጡ 28 ይቀራል። CSV ፋይልም ይገባል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቀን በራሱ መስመር መጻፍ ስላለበትና ቀኑም ወር ቀድሞ መጻፍ ስላለበት፣ ለተደጋጋሚ ክፍል አልመክረውም።

የሰርቪስ ወይም የአውቶቡስ መነሻ ሰዓትንም እንዲሁ ላስገባ?

ቋሚ ሰዓት ያለውን አዎ። የሰርቪስ ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው ከመጀመሪያው ፌርማታ የሚነሳበትን ሰዓት ስለሆነ፣ እርስዎ ከሚሳፈሩበት ቦታ የሚደርስበትን ሰዓት ከሹፌሩ ወይም ከተሳፋሪዎች ጠይቀው ያንን ያስገቡ፤ ማንቂያውም ከቤት ወጥተው እዚያ ለመድረስ የሚወስድብዎትን ደቂቃ ያህል ይቅደም። በተራ ለሚነሳ አውቶቡስ ግን እያንዳንዱን ጉዞ መመዝገብ ትርጉም የለውም፤ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን መነሻ ብቻ መያዝ ይበቃል።

አስቸጋሪው የንጋት ሰዓት ነው። ሰሌዳው «ሰኞ ሌሊት 11:40» ካለ ለሰኞ አጥቢያ ነው ወይስ ለማክሰኞ አጥቢያ? በእኛ አነጋገር ሌሊቱ ያለፈው ቀን ተከታይ ተደርጎም ይቆጠራል፤ በስልኩ ግን ሰኞ የሚጀምረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ለሰኞ አጥቢያ ከሆነ ሰኞ 5:40 ብለው ያስገቡ፤ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሆነ ማክሰኞ 5:40። ሰሌዳውን ያወጣውን ሰው «በአጥቢያ ንገረኝ» ብሎ መጠየቅ ነገሩን በአንድ ቃል ያጠራዋል።

ሁሉንም አስገባሁ፤ ግን ሰዓቱ ተዛብቶ ታየኝ። ስህተቱ የት ነው?

የተዛባበት መጠን ራሱ ይነግርዎታል። በ6 ሰዓት ከቀደመ የሀበሻው ሰዓት ሳይለወጥ ገብቷል፤ ማታ ክፍል ላይ ደግሞ ይኸው ስህተት 18 ሰዓት ሊያስቀድመው ይችላል። በ12 ሰዓት ከተለያየ ጠዋቱና ማታው ተምታቷል። በ3 ሰዓት ከዘገየ፣ ለምሳሌ 8:30 የነበረው 11:30 ሆኖ ከታየ፣ በDTSTART መጨረሻ ላይ Z ገብቷል፤ ያጥፉትና የAfrica/Addis_Ababa ስያሜውን ይተኩበት። ሀገራችን በዓመት ውስጥ ሰዓቷን ወደፊትና ወደኋላ ስለማታደርግ፣ በሴሚስተሩ መካከል በ1 ሰዓት የሚዛባ ነገር ካዩ የካላንደሩ ወይም የስልኩ የሰዓት ክልል ሌላ ሀገር ላይ ተቀምጧል።

ትምህርት ቤቱ ሰሌዳውን ቀየረ። አሮጌውን እየለቀምኩ ልሰርዝ?

ከመጀመሪያው ለሰሌዳው የራሱ ካላንደር ከፍተው ከሆነ መልቀም አያስፈልግም። በኮምፒውተር Other calendars አጠገብ ያለውን የመደመር ምልክት ነክተው Create new calendar ይበሉ፤ ፋይሉን ሲያስገቡም ያንን ካላንደር ይምረጡ። ሰሌዳው ሲቀየር ያንኑ ካላንደር ጠቅላላውን ሰርዘው አዲሱን ያስገባሉ፤ የልደት ቀኑም የቀጠሮውም ምዝገባ አይነካም።

ክፍሉ ወይም ሰዓቱ የተለወጠው ለአንድ ትምህርት ብቻ ከሆነ፣ ካላንደሩ ሲያስተካክሉ የሚጠይቅዎትን ጥያቄ አንብበው ይመልሱ። This event የዚያን ቀን ብቻ ነው የሚለውጠው፤ This and following events ከዚያ ቀን ወዲህ ያለውን ይለውጣል። All events ግን ያለፈውንም ጭምር ይቀይራል፤ ስንት ክፍል እንደቀሩ በካላንደሩ የሚቆጥሩ ከሆነ አይምረጡት።